ቅርንጫፎች በተለያየ አገር ሲሆኑ የቀን ሽያጭ ድምር የሚቆረጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ዝርዝር መመሪያ

እሑድ ዝግ የሆነ ሱቅ ሪፖርቱ ላይ የእሑድ ሽያጭ ሲመጣበት፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገንዘብ ተቀባዩን ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ግን ምንም አላጠፋም። ሱቁ ሎስ አንጀለስ ነው እንበል፤ ሲስተሙ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በኖቬምበር ወር ዩቲሲ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሎስ አንጀለስ ገና 16:00 ነው፣ ፀሐይ እንኳ አልጠለቀችም። ስለዚህ ቅዳሜ ከ16:00 በኋላ የተሸጠው ሁሉ «እሑድ» ተብሎ ይመዘገባል። ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ያለው ቅርንጫፍም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፣ በተገላቢጦሽ። እዚያ የዩቲሲ ቀን የሚቀየረው 13:00 ላይ ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት የተሸጠው ወደ እሑድ ይንሸራተታል።

የሳምንቱ ድምር ሲታይ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ቀን በቀን ሲኬድ ነው፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ «ትናንት ይህን ያህል ሸጫለሁ» ሲል ዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይከራከራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተለያዩት «ትናንት» የሚሉት ጊዜ ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። እዚህ የምጽፋቸው ሰዓቶች በሙሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው፣ 00:00 እኩለ ሌሊት ነው። ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እናንተም በሪፖርታችሁ ላይ እንዲህ አንድ ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ፤ በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች የሚያነቡት ወረቀት ላይ «12 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ራሱ ጠብ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑ የማን እንደሆነ ወስኑ

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ የጋራ መስኮት ይቆጠራል፣ ለምሳሌ ከዩቲሲ 00:00 እስከ በሚቀጥለው ቀን 00:00። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በራሱ አካባቢ ሰዓት ቀኑን ይዘጋል፣ ከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት የየቅርንጫፉን «ረቡዕ» አንድ ላይ ይደምራል።

ለሽያጭ ሪፖርት ሁለተኛውን ያዙ። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሽያጭ የሚከተለው ሰው የሚነቃበትን፣ የሚሠራበትንና የሚተኛበትን ሰዓት ነው። ካለፈው ሳምንት ረቡዕ ጋር ለማወዳደር፣ ፈረቃ ለመመደብ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ለመቁጠር የሚጠቅመው የአካባቢው ቀን ብቻ ነው። የጋራ መስኮቱ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። «በዚህ ቅጽበት በሁሉም ባንኮች ያለን ገንዘብ ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ፣ ወይም ሲስተሙ በሰዓት ስንት ግብይት እንዳስተናገደ ለማየት እሱ ይሻላል። ሁለቱን አንድ ሰንጠረዥ ላይ አትቀላቅሉ፤ የግድ ሁለቱም ካስፈለጉ በሁለት የተለያየ ስም ይውጡ።

ደረጃ 2፦ የመዝጊያውን ሰዓት ምረጡ

ከዚህ በኋላ «የመዝጊያ ሰዓት» ስል የሱቁ በር የሚዘጋበትን ሳይሆን የሂሳቡ ቀን የሚቀየርበትን ነው። ይህን ቀን ደግሞ «የሂሳብ ቀን» እለዋለሁ፣ ከካላንደሩ ቀን ለመለየት።

እኩለ ሌሊት ቀላል ይመስላል፣ ግን ማታ የሚሠራ ቅርንጫፍ ካለ አንዱን ፈረቃ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ገንዘብ ተቀባዩ 01:30 ላይ መሳቢያውን ሲቆጥር የሚያገኘው ድምር ከሲስተሙ ጋር በፍጹም አይገጥምም። የተሻለው ዘዴ የሁለት ወይም የሦስት ወር ግብይት አውጥቶ በአካባቢው ሰዓት በየሰዓቱ መቁጠርና ጭር የሚልበትን ሰዓት መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ 04:00 አካባቢ ይወድቃል።

04:00 ሌላም ጥቅም አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ የሚገፉ አገሮች አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ከ00:00 እስከ 03:00 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ በማርች መጨረሻ እሑድ 01:00 ሲሞላ ወዲያው 02:00 ይሆናል። አሜሪካ 02:00 ሲሞላ 03:00 ይሆናል። ግብፅ ደግሞ በ2023 አሠራሩን እንደገና ስትጀምር ለውጡን 00:00 ላይ አደረገችው፣ ማለትም በዚያች ሌሊት 00:00 የሚባል ሰዓት ካይሮ ውስጥ የለም። መዝጊያችሁ የሌለ ሰዓት ላይ ከወደቀ፣ ወይም ወደኋላ ሲገፋ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰዓት ላይ ከወደቀ፣ ሲስተሙ የፈለገውን ይመርጣል፤ እናንተ ግን አታውቁትም። 04:00 ከዚህ ሁሉ ያድናችኋል።

ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት መዝጊያ ባይኖረው ምንም አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው 06:00 ሊሆን ይችላል። ግን በየቅርንጫፉ ይጻፍ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራም ቀኑ ይመዝገብ፤ መዝጊያው ሲቀየር ያለፈው ዓመት ድምር አብሮ መቀየር የለበትም።

ደረጃ 3፦ ግብይቱ ሲመዘገብ ምን ምን ይያዝ?

ለእያንዳንዱ ግብይት የሚከተሉት ይኑሩ፦ ክፍያው የተፈጸመበት ቅጽበት በዩቲሲ (`paid_at`)፣ ሰርቨሩ የተቀበለበት ቅጽበት በዩቲሲ (`received_at`)፣ ቅርንጫፉ፣ እና የሂሳብ ቀኑ (`business_date`)። የሂሳብ ቀኑ አንዴ ተሰልቶ እንደ ማንኛውም ዓምድ ይቀመጣል። ሪፖርት የሚያወጣ ሁሉ በዚያ ዓምድ ብቻ ይደምራል። እያንዳንዱ ሪፖርት በራሱ መንገድ ቀኑን እንዲያሰላ ከተተወ፣ ሦስት ሪፖርት ሦስት ቁጥር ያወጣል።

የቅርንጫፉ መዝገብ ላይ ደግሞ የሰዓት ቀጠናው ሙሉ ስም ይጻፍ፦ `Europe/London`፣ `Asia/Dubai`፣ `America/Los_Angeles`፣ `Pacific/Auckland`። «ከዩቲሲ 8 ሰዓት ወደኋላ» ብላችሁ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ሎስ አንጀለስ ከኖቬምበር እስከ ማርች 8፣ በቀሩት ወራት 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ እውነት አይደለም። ምኅጻረ ቃልም አትመኑ። `CST` የመካከለኛው አሜሪካም፣ የቻይናም፣ የኩባም ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን የለውጡን ታሪክ ሁሉ ይዞ ይመጣል።

`received_at` ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ የካሽ ሬጅስተሩ ሰዓት ሲሳሳት የሚያጋልጠው እሱ ነው። ክፍያው ከደረሰበት ሰዓት በኋላ «ተፈጸመ» ከተባለ፣ ማለትም ገና ሳይከፈል ሰርቨሩ ላይ የደረሰ ከመሰለ፣ የማሽኑ ሰዓት ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ድፍን አንድ ሰዓት ከሆነ ማሽኑ የሰዓት ለውጡን አላደረገም ወይም ሁለት ጊዜ አድርጎታል ብላችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ የሂሳብ ቀኑን አስሉ፣ ቅደም ተከተሉን ሳታዛቡ

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መዝጊያው 04:00 ከሆነ፣ ከአካባቢው ሰዓት ላይ 4 ሰዓት ቀንሶ የሚቀረውን ቀን መውሰድ ነው። ሌሊት 03:59 የተከፈለው ወደ ትናንት ይሄዳል፣ 04:00 የተከፈለው ዛሬ ላይ ይቀራል። በፖስትግሬስ፣ `paid_at` የ`timestamptz` ዓይነት፣ የመዝጊያው ሰዓት `cutoff` ደግሞ የ`interval` ዓይነት ከሆኑ እንዲህ ይጻፋል፦

```sql
SELECT ((t.paid_at AT TIME ZONE b.tz) - b.cutoff)::date
       AS business_date
FROM   payments t
JOIN   branches b ON b.id = t.branch_id;
```

መጀመሪያ ወደ አካባቢው ሰዓት መቀየር፣ ከዚያ መቀነስ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ከዩቲሲው ላይ 4 ሰዓት ተቀንሶ ከዚያ ወደ አካባቢው ሰዓት ሲቀየር፣ በዓመት 363 ቀን ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። የቀሩት ሁለቱ ሌሊቶች ናቸው ጉዱ።

ለንደንን እንይ። ኦክቶበር 26 ቀን 2025፣ እሑድ፣ ሰዓቱ ከ02:00 ወደ 01:00 ተመለሰ። ያን ሌሊት 03:30 ላይ አንድ ክፍያ ተፈጸመ እንበል። ለውጡ ስላለፈ ለንደን ከዩቲሲ ጋር እኩል ናት፣ ስለዚህ በዩቲሲም 03:30 ነው። መዝጊያው 04:00 ስለሆነ ክፍያው የኦክቶበር 25 ነው። በትክክለኛው መንገድ 03:30 ላይ 4 ሰዓት ሲቀነስ የኦክቶበር 25 23:30 ይመጣል፤ ልክ ነው። በተገለበጠው መንገድ ደግሞ ዩቲሲው ላይ 4 ሰዓት ሲቀነስ የኦክቶበር 25 23:30 ዩቲሲ ይሆናል፤ በዚያ ቅጽበት ግን ለንደን ገና አንድ ሰዓት ትቀድም ስለነበር ወደ አካባቢው ሰዓት ሲቀየር የኦክቶበር 26 00:30 ይሆናል። ክፍያው ወደ ተሳሳተ ቀን ሄደ። ከ03:00 እስከ 04:00 የተፈጸመው ሁሉ እንዲሁ ይሄዳል። በማርችም ተመሳሳይ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል፦ ማርች 30 ቀን 2025 ከ04:00 እስከ 05:00 የተከፈለው ወደ 29 ይወርዳል።

ለአንድ የሂሳብ ቀን `d` የሚሆነውን የዩቲሲ መስኮት ማወቅ ሲያስፈልጋችሁ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፦

```sql
WHERE paid_at >= ((d + cutoff) AT TIME ZONE tz)
  AND paid_at <  ((d + 1 + cutoff) AT TIME ZONE tz)
```

መጨረሻው ላይ `<` ነው፣ `<=` አይደለም። 23:59:59 ብሎ መጨረስም ይቅር፤ በመጨረሻዋ ሰከንድ ውስጥ የተከፈለው የትም ሳይገባ ይቀራል። ደግሞም መጀመሪያውን አግኝቶ 24 ሰዓት መደመር አይቻልም። ከላይ ያለው የለንደን ኦክቶበር 25 የሂሳብ ቀን ርዝመቱ 25 ሰዓት ነው፤ ከ03:00 ዩቲሲ ተነስቶ በማግስቱ 04:00 ዩቲሲ ላይ ያልቃል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሰዓቱ የተቀየረው እሑድ ቢሆንም ረዥሙ የሂሳብ ቀን ቅዳሜ ነው። ብዙ ሰው እሑድን እያገላበጠ የሚያጣው ለዚህ ነው።

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ፣ `A2` ላይ ያለው የአካባቢው ሰዓት መሆኑን አረጋግጡና `=INT(A2-4/24)` ጻፉ፤ ሴሉን በቀን ቅርጽ አድርጉት። ኤክሴል ግን የሰዓት ቀጠና አያውቅም። ከዩቲሲ ወደ አካባቢው የሚቀየረው ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት።

አንዳንድ ካሽ ሬጅስተር የሚልከው የአካባቢውን ሰዓት ብቻ ነው፣ ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት ሳይጨምር። ኦክቶበር 26 ለንደን ውስጥ 01:30 ሁለት ጊዜ ስለመጣ፣ የትኛው እንደሆነ በኋላ ማወቅ አይቻልም። ደግነቱ መዝጊያው 04:00 ከሆነ ሁለቱም ያው ቀን ላይ ይወድቃሉ፣ የቀኑ ድምር አይነካም። የሚበላሸው የሰዓት በሰዓት ቅደም ተከተሉ ነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሁን አራት ቅርንጫፍ ይዘን የኖቬምበር 12 ቀን 2025 የሂሳብ ቀንን እንከተል፣ ረቡዕ ነው። ሁሉም የሚዘጉት በየአካባቢያቸው 04:00 ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለንደን ነው።

| ቅርንጫፍ | ከዩቲሲ ያለው ልዩነት | ይጀምራል (ዩቲሲ) | ያልቃል (ዩቲሲ) |
|---|---|---|---|
| ኦክላንድ | +13 | ኖቬ 11፣ 15:00 | ኖቬ 12፣ 15:00 |
| ዱባይ | +4 | ኖቬ 12፣ 00:00 | ኖቬ 13፣ 00:00 |
| ለንደን | 0 | ኖቬ 12፣ 04:00 | ኖቬ 13፣ 04:00 |
| ሎስ አንጀለስ | −8 | ኖቬ 12፣ 12:00 | ኖቬ 13፣ 12:00 |

ኦክላንድ ሲጀምር እስከ ሎስ አንጀለስ መጨረሻ ሲቆጠር 45 ሰዓት ነው። አንድ «ረቡዕ» 45 ሰዓት ተዘርግቷል። ይህ ሲታይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ግን ስህተት የለበትም፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ 24 ሰዓቱን ብቻ ነው የሰጠው፣ ምንም ግብይት ሁለት ጊዜ አልተቆጠረም።

ሎስ አንጀለስ ረቡዕ 21:30 ላይ የተከፈለ አንድ ክፍያ እንውሰድ። በዩቲሲ ኖቬምበር 13፣ 05:30 ነው። በካላንደር ዩቲሲ ብንቆጥረው የሐሙስ ይሆን ነበር። በአካባቢው ሰዓት 21:30 ላይ 4 ሲቀነስ 17:30፣ ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ። ሌላው ደግሞ እዚያው 01:15 ላይ፣ ሐሙስ ሌሊት፣ የተከፈለ ነው። 4 ሲቀነስ የኖቬምበር 12 21:15 ይሆናል። እሱም ረቡዕ ላይ ገባ፣ የማታው ፈረቃ ሳይሰነጠቅ።

ከሰንጠረዡ በቀጥታ የሚወጣው ሌላ ነገር የሪፖርቱ ሰዓት ነው። የኖቬምበር 12 ሙሉ ድምር ከኖቬምበር 13፣ 12:00 በፊት ሊወጣ አይችልም። ለመዘግየት ሁለት ሰዓት ጨምሩ፣ 14:00 ላይ ይውጣ። ሥራ አስኪያጁ ግን በየጠዋቱ 08:00 ላይ ጠረጴዛው ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። 08:00 ለንደን ሎስ አንጀለስ ገና እኩለ ሌሊት ነው፣ ቀኑ አልተዘጋም። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት የሎስ አንጀለስን የማክሰኞ ድምር ከሌሎቹ የረቡዕ ድምር ጋር አንድ ላይ ደምሮ «የትናንት ሽያጭ» ማለት ነው። ቁጥሩ ሙሉ ይመስላል፣ ግን የማንም ቀን አይደለም።

ሁለት ሐቀኛ መንገድ አለ። ወይ ጠዋት 08:00 ላይ የሚወጣው ሁሉም የጨረሱት የመጨረሻ ቀን ይሁን፣ በምሳሌያችን የኖቬምበር 11። ወይ የኖቬምበር 12ቱ ይውጣ፣ የሎስ አንጀለስ መስመር ግን «አልተዘጋም» ተብሎ ባዶ ይቅር፣ ከታች ያለው ጠቅላላ ድምርም «የ3 ቅርንጫፍ» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰው ጠዋት የሚፈልገው ያለውን ቶሎ ማየት ነው፣ የጎደለውን እንዳለ እስካሳያችሁት ድረስ አይሳሳትም።

አሁን ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ሰዓት የሚቀይሩት በተለያየ ቀን መሆኑን አስቡ። በ2025 አሜሪካ ማርች 9 ቀየረች፣ እንግሊዝ ማርች 30። በመሃሉ ያሉት ሦስት ሳምንታት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 8 ሳይሆን 7 ሰዓት ነው። በኦክቶበር መጨረሻም ለአንድ ሳምንት እንዲሁ ይሆናል። «ሎስ አንጀለስ የሚዘጋው በለንደን 12:00 ነው» ብላችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ ከጻፋችሁ፣ በእነዚያ ሳምንታት የምትቆርጡት በሎስ አንጀለስ 05:00 ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ሽያጭ ወደ ትናንት ይገባል፣ ያውም በየቀኑ። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ብቅ ብሎ በራሱ የሚጠፋ ልዩነት ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ።

ምንዛሪን በተመለከተ፣ በየቅርንጫፉ ገንዘብ ያለውን ድምር ሁልጊዜ አስቀምጡ፤ የተቀየረው ከጎኑ ይሁን። ዋጋው የሚወሰደው በሂሳብ ቀኑ ነው፣ ሪፖርቱ በወጣበት ቀን አይደለም። ካልሆነ ያው ሪፖርት በማግስቱ ሲወጣ ሌላ ቁጥር ያሳያል።

ደረጃ 6፦ ከካርድ ክፍያ አቅራቢው ጋር ሲነጻጸር

አቅራቢው የራሱ መዝጊያ ሰዓት አለው፣ የእናንተን አይከተልም። ቁጥሮቹ እኩል እንዲሆኑ መዝጊያችሁን ወደሱ ማዞር ፈተና ይሆናል፤ አታድርጉት። ሌላ ዓምድ ጨምሩ፣ አቅራቢው የሰጠውን ቀን ለብቻው የሚይዝ፣ ከዚያ ልዩነቱን በግብይት አስረዱ።

በምሳሌ እንየው። የለንደን ቅርንጫፍ ኖቬምበር 12 የካርድ ሽያጩ በእናንተ መዝገብ 18,400 ፓውንድ ነው። አቅራቢው የሚቆርጠው 00:00 ላይ ነው፤ የሱ ሪፖርት 17,950 ይላል። 450 ጎደለ? አልጎደለም። ኖቬምበር 12 ከ00:00 እስከ 04:00 የተከፈለ 230 አለ፤ ለእናንተ የ11 ነው፣ ለአቅራቢው የ12። ኖቬምበር 13 ከ00:00 እስከ 04:00 የተከፈለ 680 ደግሞ ለእናንተ የ12 ነው፣ ለአቅራቢው የ13። እንግዲህ 17,950 ላይ 230 ቀንሱ፣ 680 ጨምሩ፣ 18,400 ይመጣል። በዚህ መንገድ ከተሰላ በኋላ የሚቀር ልዩነት ካለ እሱ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ የተሰረዘ፣ ያልተላለፈ ወይም ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ካርድ ፈልጉ።

ተመላሽ ገንዘብ የሚመዘገበው በተመለሰበት የሂሳብ ቀን ነው እንጂ ዕቃው በተሸጠበት አይደለም። የታክስ ነገር ግን ለብቻው ነው። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው የካላንደሩ ቀንና ሰዓት እንዳለ ይቀመጥ፤ የአገሩ ሕግ በየትኛው ቀን እንደሚቆጥር የቅርንጫፉ ሂሳብ ሠራተኛ ይወስን።

ደረጃ 7፦ ዘግይቶ የመጣ ግብይት

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካሽ ሬጅስተሩ ግብይቱን ይይዝና ሲመለስ ይልካል። ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። በደረሰበት ቀን ከመዘገባችሁት አንዱ ቀን ባዶ፣ ሌላው እጥፍ ይሆናል። የሂሳብ ቀኑ ሁልጊዜ ከ`paid_at` ነው የሚሰላው።

ችግሩ ያ ቀን ሪፖርቱ ወጥቶ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍና ቀን ሁኔታ ይኑረው፦ «ጊዜያዊ» ወይም «የተቆለፈ»። የሚቆለፈው ሰዓት ስለደረሰ ብቻ አይደለም። ቅርንጫፉ ቀኑን ሲዘጋ የግብይቱን ብዛትና ድምር የያዘ አንድ መዝጊያ መልእክት ይላክ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ብዛት ከሱ ጋር ሲገጥም ይቆለፍ። «ዜሮ ሽያጭ» እና «አልደረሰም» ሪፖርት ላይ አንድ ዓይነት እንዳይመስሉ የሚያደርገውም ይኸው መልእክት ነው። ቅርንጫፉ በዓል ላይ ከሆነ ዜሮ ብሎ ይላካል፤ ምንም ካልላከ ስልክ ይደወል።

ከተቆለፈ በኋላ የመጣ ካለ በዝምታ አይጨመር። ወደ ትክክለኛው የሂሳብ ቀን ይግባ፣ የቀኑ ድምር አዲስ ስሪት ይውጣለት፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይም «የኖቬምበር 10 ድምር በዚህን ያህል ተስተካክሏል» የሚል መስመር ይታይ።

ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሞከሩ

የተለመደ ቀን መሞከር ብዙም አያሳይም። የምትሞክሩት ሰዓት የተቀየረባቸውን ሌሊቶች ነው። ከላይ ያየነውን የለንደን ክፍያ እንዲህ ጠይቁት፦

```sql
SELECT ((TIMESTAMPTZ '2025-10-26 03:30:00+00'
         AT TIME ZONE 'Europe/London')
        - INTERVAL '4 hours')::date;
```

መልሱ `2025-10-25` መሆን አለበት። `2025-10-26` ካለ የሆነ ቦታ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በየቅርንጫፉ የመዝጊያው አንድ ሰከንድ በፊት፣ ልክ በመዝጊያው፣ እና አንድ ሰከንድ በኋላ ያሉ ክፍያዎችንም አስገቡ። ከዚያ የአንድ ወር የሂሳብ ቀኖችን ሁሉ ደምራችሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን መዝጊያ እስከ ከመጨረሻው ቀን ቀጥሎ ባለው መዝጊያ መካከል ካሉት ግብይቶች ጠቅላላ ድምር ጋር አወዳድሩ። አንድ ሳንቲም እንኳ ከተለያየ፣ ወይ የተረሳ ወይ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ አለ።

በመጨረሻ `tzdata`ን አትርሱ። የሰዓት ቀጠናዎችን ታሪክ የሚይዘው ዝርዝር ነው፣ አገሮች ሕጋቸውን ሲቀይሩ ይታደሳል። አብዛኛው ሜክሲኮ በ2022 የሰዓት ለውጡን አቆመ። ካዛኪስታን ማርች 1 ቀን 2024 አገሪቱን በሙሉ ወደ ዩቲሲ +5 አመጣች፣ ስለዚህ አልማቲ አንድ ሰዓት ወደኋላ ተመለሰች። ሊባኖስ ደግሞ በማርች 2023 ለውጡን እንደምታዘገይ ያሳወቀችው ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን ሻረችው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰርቨሩ፣ ካሽ ሬጅስተሩና የሠራተኛው ስልክ ሦስት የተለያየ ሰዓት ሊያሳዩ ይችላሉ። ዝርዝሩ ዘግይቶ ከታደሰ፣ አገሩ ሰዓት ከቀየረበት ቀን ጀምሮ ያሉትን የዚያን ቅርንጫፍ ግብይቶች `business_date` ከ`paid_at` እንደገና አስሉ፤ ከተቆለፉት ቀኖች ድምሩ የተለወጠ ካለ እንደ ዘገየ ግብይት በአዲስ ስሪት ይውጣ።